«ምን መጣ?» ወይስ «ምን ቀረ?»፦ ፎልደር የሚጠብቁ ስክሪፕቶች የሚሳሳቱበት ቦታ

ከሰርግ የተመለሰ የፎቶ ቡድን ስቱዲዮ እንደገባ የሚያደርገው ነገር ይታወቃል። ካርዶቹ ከካሜራ ይወጣሉ፣ ፎቶዎቹ በሙሉ ወደ አንድ የጋራ ፎልደር ኮፒ ይደረጋሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አሰልቺ ነው። ለደንበኛ በስልክ የሚላከውን አነስ ያለ ቅጂ ማውጣት፣ የተጋደመውን ማቃናት፣ ዋናውን ፋይል ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ይህን ሥራ አንድ ረዳት ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ሊሠራው ይችላል። ፓይተን የሚሞካክር ወጣት ደግሞ በግማሽ ቀን ውስጥ ስክሪፕት ጽፎ ለኮምፒውተሩ ሊተወው ይችላል። ስክሪፕቱ ፎልደሩን ይጠብቃል፣ አዲስ ፎቶ ሲመጣ ያሳንሳል፣ ሲጨርስ ሌላውን ይጠብቃል።

እንዲህ ያለ ስክሪፕት በሙከራ ላይ ሁልጊዜ ይሠራል። አንድ ፎቶ ፎልደሩ ውስጥ ሲጣል ወዲያው ትንሹ ቅጂ ከች ይላል። ችግሩ የሚመጣው እውነተኛው ሥራ ሲጀመር ነው። ከወገቧ በላይ ሙሽራ፣ ከወገቧ በታች ግራጫ ግድግዳ የሆነ ፎቶ ደንበኛው እጅ ይገባል። ወይም ከፎቶ አንሺዎቹ የአንዱ ሥራ በከፊል ይጠፋል፣ የስህተት መልእክት ግን የትም የለም። የእነዚህ ብልሽቶች ሁሉ ሥር አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። ስክሪፕቱ የሚጠይቀው «አሁን ምን መጣ?» ብሎ ነው፤ መጠየቅ የነበረበት ግን «ያልተሠራው የቱ ነው?» ብሎ ነበር።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ እንያዝ። ሦስት ፎቶ አንሺዎች 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ይዘው በአንድ ሰርግ ላይ በድምሩ 1,800 ፎቶ አነሱ እንበል። አንዱ ፎቶ በአማካይ 10 ሜጋባይት ቢሆን አጠቃላዩ 18 ጊጋባይት ይሆናል። ከላፕቶፕ ወደ ስቱዲዮው ሊኑክስ ኮምፒውተር በዋይፋይ በሰከንድ 10 ሜጋባይት ቢያልፍ፣ ሁሉም ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። አንዱ ፎቶ ብቻውን አንድ ሰከንድ ይወስዳል ማለት ነው። ይህች አንድ ሰከንድ ወደ ኋላ ታስፈልገናለች።

ፎልደር የመጠበቅን ሥራ ብዙዎች የሚጀምሩት ከራሱ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ማሳወቂያ በመቀበል ነው። ሊኑክስ ለዚህ `inotify` የሚባል መንገድ አለው። በ2005 ከርነል 2.6.13 ላይ የገባ ሲሆን፣ አንድ ፕሮግራም «በዚህ ፎልደር ውስጥ ፋይል ሲፈጠር፣ ሲጻፍበት፣ ሲዘጋ ንገረኝ» ብሎ እንዲመዘገብ ያስችለዋል። ዊንዶውስ ላይ `FileSystemWatcher`፣ ማክ ላይ ደግሞ `FSEvents` ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣሉ። መንገዱ ፈጣን ነው፤ ፎልደሩ ባዶ ሆኖ በሚቆይበት ጊዜም ኮምፒውተሩን ምንም አያደክመውም። ስለዚህ ተመራጭ መምሰሉ አይገርምም።

ሆኖም ማሳወቂያ የሚሰማው በወቅቱ ነቅቶ ለሚያዳምጥ ብቻ ነው። ኮፒው እየተካሄደ መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ፣ ሲመለስ ቀደም ብለው ገብተው ሳይሠሩ ስለቀሩት ፎቶዎች የሚነግረው አካል የለም። እነሱ ከእንግዲህ አዲስ መጪ አይደሉም። ስክሪፕቱ በሆነ ስህተት ወድቆ ረዳቱ እንደገና ቢያስነሳውም ውጤቱ ያው ነው። ማሳወቂያዎቹ የሚጠባበቁበት ወረፋም ወሰን አለው። በሊኑክስ ላይ በተለመደው አቀማመጥ 16,384 ክስተት ነው፤ ሲሞላ ከርነሉ `IN_Q_OVERFLOW` የሚል አንድ ምልክት ልኮ የተረፈውን ይጥለዋል። የዊንዶውሱ መጠበቂያ ቋት ደግሞ ካልተቀየረ በቀር 8,192 ባይት ብቻ ነው። እያንዳንዱን ጽሕፈት እንዲሰማ የተደረገ፣ በዚያው ላይ አንድ ፎቶ አሳንሶ እስኪጨርስ ቀጣዩን ክስተት የማያነብ ስክሪፕት በሰርግ ማታ ይህን ወሰን ሊነካ ይችላል።

ከዚህም የከፋ፣ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ጉዳይ አለ። `inotify` የሚያዳምጠው የተሰጠውን ፎልደር ብቻ ነው፤ በውስጡ ያሉትን ንዑስ ፎልደሮች አያይም። ካሜራ ደግሞ ፎቶውን የሚያስቀምጠው `100CANON`፣ ሲሞላም `101CANON` በመሳሰሉ ንዑስ ፎልደሮች ነው። ረዳቱ ፎልደሩን እንዳለ ጎትቶ ሲጥለው፣ ስክሪፕቱ «አዲስ ፎልደር ተፈጠረ» የሚለውን ሰምቶ ያንንም ለማዳመጥ እስኪመዘገብ ድረስ የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ገብተው ያድራሉ። እነሱን ማንም አልሰማቸውም። ስክሪፕቱ ፎቶዎቹ ባሉበት ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን በኔትወርክ በተያያዘ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ምንም አይሰማም። ሌላ ማሽን በጋራ ዲስኩ ላይ የሚያደርገውን ለውጥ `inotify` አያስተላልፍም።

በአንጻሩ በየደቂቃው ተነስቶ ፎልደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቃኝ ስክሪፕት ያለፈውን ማስታወስ አያስፈልገውም። መብራት ሄዶ ቢመጣ፣ ስክሪፕቱ ሦስት ቀን ተኝቶ ቢሰነብት፣ በሚቀጥለው ዙር ያልተሠራውን ሁሉ ፊት ለፊቱ ያገኘዋል። ዋጋው እስከ ጥቂት ደቂቃ የሚደርስ መዘግየት ነው፤ ለሰርግ ፎቶ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ሁለት ሺህ የፋይል ስም መዘርዘርም ለዘመኑ ኮምፒውተር ከሰከንድ ያነሰ ሥራ ነው። ለዚህ ዓይነት ስቱዲዮ እኔ ያለማመንታት የምመርጠው ይህን መንገድ ነው።

ሰዓቱን ጠብቆ የሚያስነሳው ከዩኒክስ ዘመን ጀምሮ የኖረው `cron` ነው። የሚያስፈልገው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እንዲነበብ ብዬ ለሁለት ከፍዬዋለሁ፦

```
SWEEP=/srv/photos/sweep.py
* * * * * flock -n /srv/photos/lock python3 $SWEEP >> /srv/photos/log 2>&1
```

አምስቱ ኮከቦች «በየደቂቃው» ማለት ናቸው። የመጨረሻው ክፍል ስክሪፕቱ የሚናገረውን ሁሉ፣ ስህተቱንም ጭምር፣ ወደ መዝገብ ፋይል ይልካል። መካከል ላይ ያለው `flock` ግን ተጨማሪ ማብራሪያ ይፈልጋል። አንድ ፎቶ ለማሳነስ ግማሽ ሰከንድ ቢወስድ 1,800ው 15 ደቂቃ ይፈጃሉ። `cron` የቀደመው ዙር አለቀ አላለቀ ግድ የለውም፤ ደቂቃው በሞላ ቁጥር አዲስ ያስነሳል። ቁልፉ ከሌለ በአንድ ጊዜ አሥራ አምስት ስክሪፕት ተነስቶ ያንኑ ፎቶ ይሻማል፣ ማሽኑም ይንቀራፈፋል። `flock -n` የመጀመሪያው እስኪወጣ ድረስ ተከታዮቹን ከበር ይመልሳቸዋል። ማሽኑ በድንገት ቢጠፋም ቁልፉ አብሮ ይለቀቃል፤ «እየሠራሁ ነው» የሚል ፋይል ፈጥሮ ሲጨርስ የሚያጠፋ ስክሪፕት ግን ከመብራት መጥፋት በኋላ ያንን ፋይል እያየ ዘላለም ሳይሠራ ይቀራል።

አሁን ወደዚያች አንድ ሰከንድ እንመለስ። ፋይል ስሙ ፎልደሩ ውስጥ የሚታየው ገና ሲፈጠር ነው፤ የሚሞላው ግን ከሰከንድ በኋላ ነው። ዋይፋዩ ከተቆራረጠ ደግሞ ከደቂቃ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስክሪፕቱ በዚህ መካከል ከደረሰ ግማሽ ፎቶ ያነባል። ጄፔግ ከላይ ወደ ታች የሚጻፍ ስለሆነ ግማሽ ፋይል ማለት ላይኛው የሚታይ፣ ታችኛው ግራጫ የሆነ ምስል ማለት ነው። የሙሽራዋ ፎቶ የተቆረጠው እዚህ ላይ ነው። እንግዲህ «ፎቶው መጥቶ አልቋል» የሚለውን በምን እናውቃለን?

ብዙ ሰው የሚመልሰው «መጠኑን ሁለት ጊዜ ለካ፤ ካልተለወጠ አልቋል» ብሎ ነው። ከሊኑክስ ወደ ሊኑክስ ለሚደረግ ተራ ኮፒ ይህ ጥሩ መልስ ነው። ከዊንዶውስ ላፕቶፕ ወደ ሊኑክስ የጋራ ፎልደር ሲሆን ግን ያታልላል። ዊንዶውስ ኮፒ ሲጀምር አስቀድሞ የፋይሉን ሙሉ መጠን ያስይዛል፣ ይዘቱን ቀስ በቀስ ይሞላል። ስለዚህ ፋይሉ ከመጀመሪያዋ ቅጽበት ጀምሮ 10 ሜጋባይት ሆኖ ይታያል፤ ውስጡ ግን አብዛኛው ዜሮ ነው። መጠኑ አይለወጥም፣ ስክሪፕቱም «አልቋል» ብሎ ያሳንሰዋል።

ሁለተኛው የተለመደ መልስ የፋይሉን የማሻሻያ ሰዓት፣ ማለትም `mtime`ን ማየት ነው። ይህ ሰዓት ግን ኮፒ የሚያደርገው ፕሮግራም እንደፈለገ የሚጽፈው ነገር ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ፎቶው ካሜራው ውስጥ የነበረውን ሰዓት ይዘውለት ይመጣሉ። ከቀኑ 10 ሰዓት የተነሳ ፎቶ ማታ 4 ሰዓት ኮፒ ሲደረግ «የስድስት ሰዓት ዕድሜ አለኝ» ሊል ይችላል። ፎቶ አንሺው የካሜራውን ዓመት በስህተት ወደፊት ሞልቶት ከሆነ ደግሞ ፋይሉ ገና ያልተወለደ ይመስላል፤ «ሁለት ደቂቃ ያለፈውን ብቻ ሥራ» የተባለው ስክሪፕትም ያንን ካሜራ በሙሉ ይዘለዋል። የአንድ ፎቶ አንሺ ሥራ ያለ ምንም የስህተት መልእክት የሚጠፋበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

የሚታመነው `ctime` ነው። ሊኑክስ ላይ ይህ ሰዓት የሚያመለክተው ፋይሉ ወይም ስለ ፋይሉ የተመዘገበው ነገር ለመጨረሻ ጊዜ የተነካበትን ቅጽበት ነው፤ ከርነሉ ራሱ ይጽፈዋል፣ ማንም ተራ ፕሮግራም ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም። አንድ ባይት በተጻፈ ቁጥር ይታደሳል። በዚህ ላይ የተመሠረተው ፍተሻ አጭር ነው፦

```python
now = time.time()
for p in sorted(INBOX.rglob("*")):
    if p.name.startswith("."):
        continue
    if p.suffix.lower() not in (".jpg", ".jpeg"):
        continue
    if now - p.stat().st_ctime < 120:
        continue
    process(p)
```

ለሁለት ደቂቃ ያልተነካ ፋይል ለሥራ ዝግጁ ነው ማለት ነው። በነጥብ የሚጀምሩ ስሞችን የሚዘልለው መስመር ትንሽ ቢመስልም ሁለት ጥቅም አለው። `rsync` ኮፒ እያደረገ ያለውን ፋይል በነጥብ በሚጀምር ጊዜያዊ ስም ይይዘውና ሲጨርስ ብቻ እውነተኛ ስሙን ይሰጠዋል። ማክ ኮምፒውተር ደግሞ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጎን `._IMG_0421.JPG` የሚመስል፣ ፎቶ ያልሆነ ፋይል ሊጥል ይችላል፤ ቅጥያው ጄፔግ ስለሆነ ስክሪፕቱ ለመክፈት ሞክሮ ይወድቃል።

ሁለት ደቂቃም ቢሆን ፍጹም ዋስትና አይደለም። ዋይፋዩ ለአምስት ደቂቃ ተቋርጦ ከተመለሰ ግማሽ ፋይል በመካከሉ ያልተነካ ይመስላል። ስለዚህ ሁለተኛ በር ያስፈልጋል። ጄፔግ ፋይል በ`FF D8` ጀምሮ በ`FF D9` ያልቃል። የፋይሉን የመጨረሻ ጥቂት ሺህ ባይቶች አንብቦ `FF D9` መኖሩን ማየት፣ በዜሮ የተሞላውንም የተቆረጠውንም ለይቶ ያወጣል። ፓይተን ላይ ለምስል ሥራ የሚያገለግለው ፒሎ፣ ፋይሉ በአጭሩ የተቆረጠ ከሆነ ራሱ ስህተት ያስነሳል። ነገር ግን ይህን የሚያደርገው ምስሉን በሙሉ ሲፈታው ነው። `Image.open` ራስጌውን ብቻ ያነባልና «ተከፍቷል» ማለት «ሙሉ ነው» ማለት አይደለም። ፋይሉ ሙሉ መጠን ኖሮት ጭራው ዜሮ ከሆነ ደግሞ ፒሎ ሳያጉረመርም ሊያልፈው ይችላል። ለዚህ ነው የመጨረሻውን ምልክት ለብቻ መፈተሽ የሚያስፈልገው። አንዳንድ ስልኮች ከፎቶው ኋላ አጭር ቪዲዮ ስለሚለጥፉ ይህ ፍተሻ የእነሱን ደህና ፋይል ሊከለክል ይችላል። ስቱዲዮው ከሚጠቀምባቸው ካሜራዎች በወጡ ደህና ፋይሎች ላይ አስቀድሞ መሞከር ይበቃል።

በሩን ያለፈው ፎቶ ላይ የሚሠራው ሥራ ራሱ ቀላል ነው፦

```python
with Image.open(p) as src:
    icc = src.info.get("icc_profile")
    im = ImageOps.exif_transpose(src)
    im.thumbnail((2048, 2048))
    with open(tmp, "wb") as f:
        im.save(f, "JPEG", quality=85, icc_profile=icc)
        f.flush()
        os.fsync(f.fileno())
os.replace(tmp, out)
os.replace(p, done)
```

`exif_transpose` ካሜራው «ይህ ፎቶ ቆሞ ነው የተነሳው» ብሎ የመዘገበውን አንብቦ ምስሉን ያቃናዋል። `icc_profile` ካልተላለፈ፣ በአዶቤ አርጂቢ የተነሳ ፎቶ ስልክ ላይ ሲታይ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ የቀይ ጥለቱ ድምቀት የት ሄደ የሚል ደንበኛ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። የፎቶው የቦታ መረጃም በዚህ አካሄድ ወደ ትንሹ ቅጂ አይተላለፍም። የደንበኛ ቤት አድራሻ በማይሆን እጅ እንዳይገባ ይህ መልካም ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን የመጨረሻዎቹ አምስት መስመሮች ቅደም ተከተል ነው። ስክሪፕቱ ትንሹን ቅጂ በጊዜያዊ ስም ይጽፋል፣ `fsync` ብሎ ዲስኩ ላይ እስኪያርፍ ይጠብቃል፣ ከዚያ እውነተኛ ስሙን ይሰጠዋል፣ በመጨረሻ ዋናውን ፎቶ ከገቢ ፎልደር ወደ ማኅደር ያዛውራል። በየትኛውም መስመር ላይ መብራት ቢጠፋ የሚደርሰውን እንይ። ጊዜያዊው ሲጻፍ ከጠፋ፣ ዋናው ገቢ ፎልደር ውስጥ ስላለ በሚቀጥለው ዙር ከአዲስ ይሠራል። ቅጂው ስም አግኝቶ ዋናው ሳይዛወር ከጠፋም ያው ቅጂ እንደገና ተሠርቶ በራሱ ላይ ይተካል፤ ጉዳት የለውም። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥና ዋናው ቀድሞ ቢዛወር ግን፣ በመካከል የጠፋ መብራት አንድን ፎቶ ቅጂ አልባ አድርጎ ያስቀረዋል። ገቢ ፎልደሩ ባዶ ስለሆነም ማንም አያውቅም። `fsync` ከተተወ ደግሞ ስሙ ተሰጥቶት ይዘቱ ገና ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያለ ቅጂ ሊኖር ይችላል፤ መብራት ሲመለስ ስም ብቻ ያለው የ0 ባይት ፋይል ሆኖ ይገኛል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ገቢ ፎልደሩ፣ ማኅደሩና ጊዜያዊው ቦታ በአንድ ዲስክ ክፍልፋይ ላይ ሲሆኑ ነው። ስም መቀየር ቅጽበታዊ የሚሆነው በአንድ ክፍልፋይ ውስጥ ብቻ ነውና። ማኅደሩ በዩኤስቢ የተሰካ ዲስክ ላይ ከሆነ `os.replace` `Invalid cross-device link` ብሎ ይቆማል። ያኔ በዚያው ዲስክ ላይ አዛውሮ፣ ወደ ዩኤስቢው ኮፒ ማድረጉን ለሌላ ሥራ መተው ይሻላል።

ዋናውን ከገቢ ፎልደር ማስወጣት ሌላም ትርጉም አለው። ስክሪፕቱ የትኛውን እንደሠራ የሚያስታውስበት መዝገብ አያስፈልገውም፤ ፎልደሩ ራሱ መዝገብ ነው። እዚያ ያለው ያልተሠራ ነው፣ የተሠራው እዚያ የለም። ብዙ ስክሪፕቶች በምትኩ የሠሩትን ስም በጽሑፍ ፋይል ይይዛሉ። ከስሙ የሚመነጨው መዘዝ ደግሞ ይህን ያህል ቀላል አይደለም። የካሜራ ፋይል ስም አራት ምልክትና ከ0001 እስከ 9999 የሚሄድ አራት አኃዝ ነው። ሦስት ፎቶ አንሺዎች አንድ ዓይነት ካሜራ ከያዙ በአንድ ሰርግ ላይ ሦስት `IMG_0421.JPG` መኖሩ የሚጠበቅ ነው። ስም የሚመዘግብ ስክሪፕት የመጀመሪያውን ሠርቶ ሁለቱን «ሠርቼዋለሁ» ብሎ ያልፋል። መዝገብ የሌለው ደግሞ ሦስቱንም ሠርቶ አንዱን በሌላው ላይ ይጽፋል፤ ቀለበቱ ሲጠለቅ የተነሳው ፎቶ በእንግዶች ፎቶ ተተክቶ ይገኛል። በአንድ ሰርግ ሺህ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ብቻውን ቢሆንም፣ ከአሥረኛው ሰርግ በኋላ ቁጥሩ ዞሮ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

መፍትሔው ለፎቶው ከይዘቱ የወጣ መለያ መስጠት ነው። የፋይሉን ባይቶች በሙሉ በ`SHA-256` አስልቶ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ምልክቶች ከስሙ ጋር ማያያዝ ይበቃል፤ ለምሳሌ `IMG_0421_3fa9c1d2.jpg`። ለማኅደሩም ለትንሹ ቅጂም ይኸው ስም ያገለግላል። ሁለት የተለያዩ ፎቶዎች ስማቸው አንድ ቢሆንም መለያቸው ይለያያል። ረዳቱ ያንኑ ካርድ በስህተት ሁለት ጊዜ ኮፒ ቢያደርግ ደግሞ ስሙም መለያውም አንድ ስለሚሆን በራሱ ላይ ይተካል እንጂ ማኅደሩን በድርብ ፎቶ አይሞላውም። ለ10 ሜጋባይት ፎቶ ይህ ስሌት ከማሳነሱ ሥራ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ደቂቃ መጠበቅ የማይቻልበት ሥራ መኖሩን አልክድም። በዝግጅት አዳራሽ ውስጥ ፎቶ አንስቶ እዚያው አትሞ ለእንግዳ የሚሰጥ ሰው የሁለት ደቂቃ ትዕግሥት የለውም። ለእሱ ማሳወቂያው ይጠቅመዋል፤ ቢሆንም ማሳወቂያው ስክሪፕቱን መቀስቀሻ ብቻ መሆን አለበት። የተቀሰቀሰው ስክሪፕት ያው ፎልደሩን በሙሉ የሚቃኘው ይሁን፤ የሁለት ደቂቃውን ጥበቃ ወደ ጥቂት ሰከንድ አውርዶ በ`FF D9` ፍተሻው ላይ ይደገፍ። አንድ ማሳወቂያ ቢጠፋ የሚቀጥለው ቅስቀሳ ወይም የ`cron` ደቂቃ የቀረውን ያነሳዋል።

የሚቀረው ጥያቄ፣ ማንም የማያየው ስክሪፕት በትክክል እየሠራ መሆኑ በምን ይታወቃል የሚለው ነው። የስህተት መዝገብ ማንበብ የሚያዘወትር ሰው ጥቂት ነው፤ ጨርሶ ያልተነሳ ስክሪፕት ደግሞ ስህተት አይጽፍም። እዚህ ላይ ነው ፎልደሩን መዝገብ ማድረጉ የሚክሰው። ገቢ ፎልደሩ ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ማንኛውም ፋይል ካለ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ምን እንደተበላሸ አስቀድሞ መገመት አያስፈልግም፦

```
find /srv/photos/inbox -type f -not -name '.*' -cmin +120 | wc -l
```

ቁጥሩ 0 መሆን አለበት። `cron` ቢቆም ይጨምራል፣ ዲስክ ቢሞላ ይጨምራል፣ ፒሎ ከአዲስ ዝመና ጋር ባይስማማ ይጨምራል። ከፎቶ አንሺዎቹ አንዱ በአይፎን ያነሳቸውን ጨምሮ ቢጥልም ይጨምራል፤ አፕል ከ2017 ከአይኦኤስ 11 ጀምሮ ፎቶን በ`HEIC` ሊያስቀምጥ ይችላል፣ ስክሪፕታችን ደግሞ የሚያየው ጄፔግን ብቻ ነው። ማሳወቂያ የሚያዳምጠው ስክሪፕት እነዚህን ፎቶዎች በዝምታ ባለፋቸው ነበር። በእኛው መንገድ ግን እዚያው ተቀምጠው ቁጥሩን ያሳድጋሉ፣ ሰው ሄዶ ያያቸዋል። ይህን ቁጥር በየጠዋቱ ወደ ኃላፊው ቴሌግራም የሚልክ ሁለተኛ አጭር ስክሪፕት ማዘጋጀት ተገቢ ነው። 0 ሲሆንም መላክ አለበት፤ መልእክቱ ያልመጣበት ጠዋት ማሽኑ ራሱ መጥፋቱን ይናገራልና።

ቁጥሩ የማያሳየው አንድ ነገር አለ። «ምን ቀረ?» ብሎ የሚጠይቅ ስክሪፕት የሚያውቀው ፎልደሩ ውስጥ የገባውን ብቻ ነው። ኮፒው ከ1,790ኛው ፎቶ በኋላ ተቋርጦ ረዳቱ ሳያስተውል ላፕቶፑን ከዘጋው፣ ስክሪፕቱ 1,790ውን ሠርቶ 0 ብሎ ያድራል። የቀሩት አሥሩ ያሉት ካርዱ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ካርድ ፎርማት የሚደረገው ካርዱ ላይ ያሉት ፎቶዎች ብዛትና ለዚያ ካርድ ማኅደር የገቡት ዋና ፋይሎች ብዛት ጎን ለጎን ተቆጥረው እኩል ሲሆኑ ነው፤ ይህን ቆጠራ የሚያደርገው ካርዱን በእጁ የያዘው ሰው ነው።